ዋርፋሪን፣ ጎመን እና የሚወጣ የሚወርደው ቁጥር

«ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 64 ዓመቷ ነው። የልብ ምቷ የተዛባ ነው ተብላ ዋርፋሪን ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በቀን አንድ ባለ 5 ሚሊግራም ትወስዳለች፣ ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር፣ አይኤንአሯ፣ 2.4 አካባቢ ነበር። ከሁለት ወር በፊት አንዲት ዘመዳችን "ቅጠላ ቅጠል ለዚህ መድኃኒት መርዝ ነው" ስትለኝ ደንግጬ ጎመንና ቆስጣ ከቤት አስወጣሁ። ቀጥሎ ስትመረመር 4.3 ሆነ። አንድ ቀን አስዘልለው መጠኑን ቀነሱላት፤ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ነው የምትወስደው። እኔም ፈርቼ ጎመኑን መለስኩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ 1.6 አሉን። መድኃኒቱን አንዳንዴ ጠዋት፣ አንዳንዴ ማታ ትወስዳለች፤ ስትረሳም በማግስቱ ሁለት ትውጣለች። "ምንም አላመመኝም፣ መወጋት ሰለቸኝ" ብላ ቀጣዩን ቀጠሮ መቅረት ትፈልጋለች። ጎመን ትብላ አትብላ? ምርመራው ቢዘለልስ ምን ይመጣል?
አስታማሚ ልጅ»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጎመን ይብሉ፤ ግን በየሳምንቱ ተመሳሳይ ያህል ይብሉ። ሁለት ፍሬ አንድ ላይ መዋጥ ዛሬውኑ ይቁም። ቀጠሮውን ደግሞ አይቅሩ፣ በተለይ የአሁኑን። ምክንያቱን ካላወቅሽው ግን ነገ ሌላ ዘመድ ሌላ ነገር ሲነግርሽ እንደገና ትደነግጫለሽ። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ክትትል በሚያደርጉበት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። የአንቺን ታሪክ የሚመስል ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ሁሌም አንድ አሳቢ ሰው አለበት፣ ሁሌም አንድ በቅን ልብ የተሰጠ የተሳሳተ ምክር አለበት።

ዋርፋሪንን ሰው ሁሉ «ደም ማቅጠኛ» ይለዋል። እኔም ስናገር እለዋለሁ። ግን ደሙን አያቀጥነውም። ጉበታችን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ከእነዚህ ውስጥ አራቱን ሠርቶ ለመጨረስ ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል። ቫይታሚን ኬ አንዴ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ አይጣልም፤ ሰውነት አድሶ መልሶ ይጠቀምበታል። ዋርፋሪን የሚያግደው ያንን ማደሻ ነው። መድኃኒቱ ሲገባ የሚታደሰው ቫይታሚን ይቀንሳል፣ ጉበትም የሚሠራቸው የማርጊያ ፕሮቲኖች ይቀንሳሉ፣ ደሙም ለመርጋት ይዘገያል።

እንግዲህ ማደሻው ከታገደ፣ ጉበት በዋናነት የሚተማመነው በየቀኑ ከምግብ በሚገባው አዲስ ቫይታሚን ኬ ላይ ነው። ብዙ ሲገባ መድኃኒቱ ይደክማል። ጥቂት ሲገባ መድኃኒቱ ይበረታል። እናትሽ በቀን 5 ሚሊግራም የታዘዘላቸው ያን ጊዜ ይበሉት ለነበረው ምግብ ነው። ሐኪሙ «ጎመን ስንት ጊዜ ይበላሉ?» ብሎ ባይጠይቅ እንኳን ደማቸው መልሱን ተናግሯል። 2.4 የሚለው ቁጥር ውስጥ ያ ጎመን አለበት።

አንቺ ጎመኑን ስታወጪው መድኃኒቱ አልተለወጠም፤ የሚከላከለው ነገር ነው የጠፋው። ሰውነት የሚያስቀምጠው የቫይታሚን ኬ ክምችት ትንሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ያኔ ያው 5 ሚሊግራም እንደ ትልቅ መጠን ሆኖ ይሠራል። 4.3 የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቺ። ክትትል ክፍሉ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። ጎመኑ መውጣቱን የነገራቸው አለ? በደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። ስለዚህ ለ4.3 የሚሆን ነገር አደረጉ። ከሳምንት 35 ሚሊግራም ወደ 30 አወረዱ። ይህ 14 በመቶ ገደማ ቅነሳ ነው፣ ለዚያ ቁጥር ከተለመደው ውጭ አይደለም። መጠኑ የተቀነሰው ግን ጎመን ለሌለበት ሳህን ነው። አንቺ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጎመኑን መለስሽው። መድኃኒቱ ቀንሷል፣ ቫይታሚኑ ጨምሯል። ሁለቱም ቁጥሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ገፉት፣ 1.6 ላይ አረፈ።

አሁን የምፈራው ሦስተኛውን ዙር ነው። 1.6 አይተው መጠኑን ይጨምሩና፣ አንቺ ደግሞ ደንግጠሽ ጎመኑን መልሰሽ ታስወጪና፣ እንደገና ወደ ላይ ይተኮሳል። ይህን ዙር ለመስበር አንዱ ነገር መቆም አለበት። መጀመሪያ መቆም ያለበት ሳህኑ ነው። ሳህኑ ሲረጋ መድኃኒቱን ለሳህኑ ማስተካከል ለክትትል ክፍሉ ቀላል ሥራ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ማነጣጠር ግን ማንንም ያደክማል።

ስለዚህ ለክትትል ክፍሉ ነገ ስልክ ደውዪና ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። «በዚህ ቀን አካባቢ ቅጠል አቆምን፣ በዚህ ቀን አካባቢ መለስን፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ቀናት ረስታ በማግስቱ ሁለት ወስዳለች» በይ። አይቆጡሽም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ እንደዚህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሦስት የላብራቶሪ ወረቀት የበለጠ ይጠቅመኝ ነበር። ምናልባት ወደ ድሮው 35 ይመልሷቸው ይሆናል፣ ምናልባት በሌላ መንገድ ያስተካክሉት ይሆናል። ውሳኔው የእነሱ ይሁን። አንቺ ግማሽ ፍሬ እንኳን በራስሽ እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺም።

ሳህኑን ማርጋት ስልሽ ሚዛን ገዝተሽ ቅጠል መዝኚ ማለቴ አይደለም። አንዲት አዋቂ ሴት በቀን የሚያስፈልጋት ቫይታሚን ኬ 90 ማይክሮግራም ያህል ነው። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ጎመን ወይም ቆስጣ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥቅል ጎመን ከእነዚህ በጣም ያነሰ አለው። ሰላጣ ጥሬውን አንድ ኩባያ ቢበላ እንኳን የበሰለውን ጎመን አያክልም፣ ምክንያቱም ጥሬ ቅጠል ቦታ ይይዛል እንጂ ክብደት የለውም። ቅጠል ሲበስል ምን ያህል እንደሚሟሽሽ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ድስት ሙሉ የገባው ወጥቶ ጭብጥ ነው የሚያክለው። ያ ጭብጥ ውስጥ የድስቱ ሙሉ ቫይታሚን አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ቀቅዬ ውሃውን እደፋዋለሁ፣ ስለዚህ ችግር የለውም» ይላሉ። ቫይታሚን ኬ በውሃ አይሟሟም፣ ሙቀትም በቀላሉ አያጠፋውም። ውሃውን ብትደፊውም ቫይታሚኑ ቅጠሉ ላይ ነው የሚቀረው። «አረንጓዴ ሁሉ ክልክል ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ዋናው ቅጠሉ ነው፤ የቅጠሉ አረንጓዴ በጠቆረ ቁጥር ቫይታሚኑ የመብዛት ዝንባሌ አለው። ካሮት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ሽንኩርት ግን ቁጥሩን አያናውጡትም፤ በእነሱ አትጨነቂ።

ተግባሩ እንዲህ ይሁን። እናትሽ ድሮ ቁጥራቸው 2.4 በነበረ ጊዜ በሳምንት ስንት ጊዜ ቅጠል ይበሉ ነበር? ቁጭ ብላችሁ አስታውሱ። ለምሳሌ ሦስት ጊዜ ከነበረ ወደዚያው ተመለሱ። ቀኖቹን ቁረጡ፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ በሉ እንበል። በእያንዳንዱ ቀን አንድ ጭልፋ፣ ሁሌም በዚያው ጭልፋ። አንድ ሰኞ ቢቀር ማክሰኞ ይበሉት። ሐሙስ ላይ ትንሽ ሰላጣ ቢጨመር ሰማይ አይደፋም። የሚጎዳው ለሁለት ሳምንት ምንም ሳይበሉ ቆይቶ ከዚያ በየቀኑ መብላት ነው፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ።

ጨርሶ መተው ለምን እንደማይሻል አንድ ምክንያት ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ዜሮ ካደረግነው እኮ እሱም ቋሚ ነው» ብሎ ይከራከረኛል። በወረቀት ላይ እውነት ይመስላል። ግን ክምችቱ ባዶ የሆነ ሰው ከየትም የገባች ትንሽ ቫይታሚን ታናውጠዋለች። ሰው ቤት ተጋብዞ አንድ ሳህን ሲበላ ቁጥሩ ይወድቃል። አንድ ቀን ሆዱን አሞት ሳይበላ ሲውል ይሰቀላል። በየጊዜው የሚበላ ሰው ግን ያንን አንድ ሳህን ብዙም አያስተውለውም። ደግሞ ሰውየው ቅጠል የሚበላው ለዋርፋሪን ሲባል ብቻ አይደለም፤ ለልብም፣ ለሆድም፣ ለሁሉም ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ግን ጠይቂያቸው። «ደከመኝ» ብለው የገዙት ወይም ሰው ያመጣላቸው ባለ ብዙ ቫይታሚን እንክብል አለ? ብዙዎቹ ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ካለበት እሱንም ለክትትል ክፍሉ ንገሪ፤ በድንገት መጀመርም በድንገት ማቆምም እንደ ጎመኑ ነው።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ጠዋት ይሁን ማታ ለመድኃኒቱ ራሱ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ዋርፋሪን ደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ከተወሰደው ግማሹ እስኪወጣ 40 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድ ሰዓት ተኩል ቢዘገዩ ደሙ አያውቀውም። ስለዚህ የመውሰጃው ሰዓት ትንሽ ሲያልፍ ልብሽ አይምታ።

ታዲያ ለምን ሰዓት ቁረጡ እንላለን? ሰው ስለሆንን። አንዳንዴ ጠዋት አንዳንዴ ማታ የሚወስድ ሰው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ «ዛሬ ወስጃለሁ ወይስ ያ የትናንቱ ነው?» ይላል። ሲጠራጠር ወይ ይዘለዋል ወይ ይደግመዋል። ቁጥሩን የሚያበላሸው ይህ ነው።

እኔ ማታውን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ምርመራው ጠዋት ይሠራል፣ ውጤቱ ቀን ላይ ይደርሳል፣ ክትትል ክፍሉ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አድርጉ» ካለ የዛሬው ፍሬ ገና አልተዋጠም። ጠዋት የወሰደ ሰው ግን ትእዛዙ የሚደርሰው ከዋጠ በኋላ ነው። ከጠዋት ወደ ማታ ስትቀይሩ አንድ ቀን ጠዋት ከወሰዱ፣ በማግስቱ ጠዋት ሳይወስዱ ቆይተው ማታ ይውሰዱ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እንዳይሆን ነው ዋናው። ስትደውዪ ይህንንም ንገሪያቸውና ይሁን ይበሉሽ።

ከዚያ ሰባት ክፍል ያለው የመድኃኒት ማስቀመጫ ሳጥን ፈልጊ። እሑድ ማታ አብራችሁ ሙሉት። ሁለቱ የግማሽ ፍሬ ቀናት የትኞቹ እንደሆኑ ያኔ በዓይን ይታያሉ፣ ማታ በእንቅልፍ ዓይን አይወሰኑም። ሰው ሲጠራጠር ሳጥኑን ይከፍታል፤ የማክሰኞው ክፍል ባዶ ከሆነ ወስደዋል፣ ፍሬው ካለ አልወሰዱም። ሲሞላ ደግሞ በፍሬው ቀለም አትተማመኑ። የዋርፋሪን ቀለም እንደ አምራቹ ይለያያል። አዲስ ፓኬት በመጣ ቁጥር ሚሊግራሙን አንብቡ። ድሮ ባለ 5 ሲወስዱ የነበሩ ሰው ባለ 1 ተሰጥቷቸው አንድ ፍሬ ሲውጡ የሰነበቱበትን ወር አይቻለሁ፤ ማንም አላታለላቸውም፣ ማንም አላነበበም እንጂ።

ከረሱስ? በዚያው ቀን ካስታወሱ፣ ከመተኛታቸው በፊትም ቢሆን፣ ይውሰዱት። የነቁት በማግስቱ ከሆነ የትናንቱን ይተዉት፣ የዛሬውን ብቻ በሰዓቱ ይውሰዱ፣ ደብተር ላይ «ተረሳ» ብለሽ ጻፊ። ማካካስ የለም። እናትሽ ሁለት የሚውጡት «የጎደለውን ልሙላ» ብለው ነው፣ ይገባኛል። ግን የጎደለው ፍሬ ያለፈውን ነገር በአንድ ሌሊት አይመልሰውም፤ ሁለቱ ፍሬዎች ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው ጉልበታቸው የሚወጣው፣ ያኔ ደግሞ ማንም የሚያስታውሳቸው የለም። ሁለት ቀን በተከታታይ ከተረሳ፣ ወይም በስህተት ሁለት ከተዋጠ፣ ስልክ ነው።

ይህ የሁለት ሦስት ቀን መዘግየት የምርመራውን ነገር ሁሉ የሚያስረዳ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዋርፋሪን አዲስ የሚሠሩትን የማርጊያ ፕሮቲኖች ይቀንሳል እንጂ ደም ውስጥ ቀድመው ያሉትን አይነካም። እነሱ በራሳቸው ጊዜ እስኪያልቁ ይጠበቃል። አንዱ ፕሮቲን በስድስት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ዋነኛው ግን ግማሹ እስኪያልቅ ሁለት ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የተለካው አይኤንአር ትናንት ማታ ስለተዋጠው ፍሬ አይደለም የሚናገረው። ያለፉትን ብዙ ቀናት፣ በተለይ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት የነበረውን ነው የሚያሳየው። መጠኑ ሲቀየርም ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንት አካባቢ ይወስዳል። በማግስቱ ተለክቶ «አልተለወጠም» ማለት አይቻልም።

አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። ለምርመራ ሲመጡ ደብተራቸውን ሰጡኝ። ሠላሳ ቀን ሙሉ ምልክት ተደርጓል። ሁሉም ምልክት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ጫና፣ አንዱም ሳይዘል፣ አንዱም ሳይጣመም። መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የሞሉት። አልተቆጣሁም፤ ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው ነገሩኝ። በወሩ ብዙ ቀን ይረሳሉ፤ ቀጠሮው ሲደርስ ግን የመጨረሻዋን ሳምንት አጥብቀው ይወስዳሉ። ቁጥራቸው ሁሌ ጥሩ ነበር። እኛም በጥሩው ቁጥር ተማምነን ቀጠሮውን አራቅንላቸው። በመካከል ያሉት ሳምንታት ግን ያለ መከላከያ ነበር ያለፉት። እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ነው ነገሩ የታወቀው። ደብተሩ ላይ ያለው እውነተኛ ክፍተት ከቆንጆ ምልክት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን እናትሽ «ምንም አላመመኝም» ያሉትን ላንሳ። እውነታቸውን ነው፣ ምንም አላመማቸውም። ችግሩ 1.6ም አያምም፣ 4.3ም አያምም፣ 2.4ም አያምም። ሦስቱም ከውስጥ ሲሰሙ አንድ ናቸው። ዋርፋሪን የማይወስድ ጤነኛ ሰው አይኤንአር 1 አካባቢ ነው። እንደ እናትሽ የልብ ምት መዛባት ላለበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ አንዳንድ ሰው ሠራሽ የብረት የልብ ቫልቭ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ይታዘዝላቸዋል። ከ2 ሲወርድ በሚንቀጠቀጠው የልብ ክፍል ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ያ ደግሞ ቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ የመጀመሪያው ስሜት ራሱ አደጋው ነው። ቁጥሩ ሲሰቀል ደግሞ የመድማት ዕድል ይጨምራል፤ አንዳንዴ መጀመሪያ የሚደማው ሆድ ውስጥ ወይም ጭንቅላት ውስጥ ነው። መርፌው ይህን ከውጭ ሆኖ የሚያይልን ብቸኛው ነገር ነው።

መወጋት መሰልቸቱን ግን አቅልዬ አላየውም። ለእሳቸው የምትነግሪያቸው ይህን ነው፦ መርፌውን የሚያበዛው መለዋወጡ ነው። ቁጥሩ ሲዋዥቅ፣ ወይም መጠን ሲቀየር፣ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሶ ማየት ግድ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከ2 እስከ 3 መካከል ሲያርፍ ቀጠሮው ወደ አራት ሳምንት ይርቃል። ለረጅም ጊዜ የረጉ ሰዎችን አንዳንድ ክትትል ክፍሎች እስከ 12 ሳምንት ያራርቁላቸዋል። የአሁኑን ቀጠሮ መቅረት መርፌውን አይቀንሰውም፤ ከፊት ያለውን ያበዛዋል። በአንዳንድ ቦታ ከጣት ጫፍ በአንዲት ጠብታ ደም የሚለካ መሣሪያም አለ፤ የክንዳቸው ሥር ካስቸገረ ስለሱ ጠይቂ።

ለቀጠሮው ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የተረሳ ቀን፣ ምግብ ላይ የተለወጠ ነገር፣ አዲስ መድኃኒት፣ ሕመም። ስለ መድኃኒቱ አንድ ሁለት ቃል ልበልና። አንዳንድ አንቲባዮቲክ፣ በተለይ ኮትሪሞክሳዞል እና ሜትሮኒዳዞል፣ የዋርፋሪንን ጉልበት በጣም ይጨምራሉ። የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞልም እንደዚያው። ከእነዚህ አንዱ ከታዘዘ ያዘዘው ሐኪም ዋርፋሪን እንዳለ ይወቅ፣ ክትትል ክፍሉም ወዲያው ይነገረው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደም ይታይ። ለጉልበት ሕመም ብለው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳይውጡ። እነዚህ ጨጓራን ስለሚያደሙ አይኤንአሩ ጥሩ ሆኖም አደጋው አለ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በየቀኑ ለብዙ ቀን ከተወሰደ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ይነገር። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ይዟቸው ምግብ ከቆመም ቀጠሮ ሳትጠብቂ ደውዪ። ጎመኑን ካወጣሽበት ቀን ጋር አንድ ነው፤ ምግብ ሲቆም ቫይታሚኑም ይቆማል።

አንዳንድ ነገር ደግሞ ስልክ አይጠብቅም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ከታየበት፣ ሽንት ከቀላ፣ ነስር አሥር ደቂቃ ተጭነሽው ካልቆመ፣ ከባድ የራስ ምታት በድንገት ከመጣ፣ ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ፣ ምንም ቁስል ባይታይም፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ወይም ንግግር ከተወላገደም እንዲሁ። ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ላይ ንገሪ።

በዚህ ሳምንት የምታደርጊው እንግዲህ ይህ ነው። ነገ ደውዪ። ሳጥኑን እሑድ ማታ ሙሉ። የጎመኑን ሦስት ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉት። ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አስምሪ፦ ቀን፣ ስንት ሚሊግራም፣ ቅጠል ተበላ ወይስ አልተበላ፣ እና ባዶ ዓምድ ለሌላ ነገር። እስክሪብቶውን ከሳጥኑ ጋር በክር እሰሪው፣ ማታ ፍሬው ሲዋጥ ወዲያው እንዲጻፍ። ከቀጣዩ ምርመራ በኋላ ቁጥሩን ከነደብተሩ ገጽ ጻፊልኝ፤ 1.6 ወዴት እንደሄደ ማየት እፈልጋለሁ።